«ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው ወይ?» ፎቶ የማይፈታው የአርቴሱኔት ጉዳይ

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የወባ መድኃኒት ፓኮ ነው። ለሥራ ወደ ቆላ ሊወርድ ሲሰናዳ አንድ ወዳጁ በርካሽ አግኝቶለታል። «ከድንበር የመጣ ነው» ከማለት በቀር ከማን እንደተገዛ የሚያውቅ የለም። ከፎቶው ሥር የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው ወይ?»

ፋርማሲ ውስጥ ለኖረ ሰው ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከአሜሪካ የተላከ የስኳር መድኃኒት፣ ከዱባይ የመጣ ቅባት፣ ሰው በሻንጣው ይዞት የገባ ቫይታሚን፣ ሁሉም በፎቶ ይመጣል። መልሴ ግን ሁልጊዜ ጠያቂውን ያበሽቀዋል። ፎርጅድ ከሆነ ከፎቶው ልይዘው እችል ይሆናል። ኦርጅናል ነው ብዬ ግን ፎቶ አይቼ ልምልልህ አልችልም። «ፎርጅድ የሚያሰኝ ነገር ካላገኘህበት ኦርጅናል ነዋ!» ይሉኛል። አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለልጁ ያስረዳሁት በአንድ እውነተኛ ታሪክ ነው። እዚህም እሱኑ ልንገራችሁ።

ታሪኩ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። መድኃኒቱ አርቴሱኔት ይባላል። የአርቴሚሲኒን ቤተሰብ ነው፤ ማለትም ቻይናዎች ከአንድ ቅጠል ያወጡት፣ ቱ ዩዩ የተባሉት ሳይንቲስት በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ግኝት ልጅ ነው። (ቅጠሉ የእኛው የጭቁኝ ዘመድ ነው። ጭቁኝ ቀቅሎ መጠጣት ግን ወባ አያድንም፤ እንዳትሞክሩት።) እኛ አገርም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተለመደው የወባ ዓይነት የሚሰጠው መድኃኒት የዚሁ ቤተሰብ አባል ያለበት ነው። ስለዚህ ነገሩ ሩቅ አገር ይሁን እንጂ ሩቅ ጉዳይ አይደለም።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በካምቦዲያ፣ በላኦስ፣ በምያንማር፣ በታይላንድ ድንበርና በቬትናም ወባው የድሮዎቹን መድኃኒቶች ለምዷል። የሚሠራው አርቴሱኔት ነው። ሰው ሐኪም ጋ ሳይሄድ ከሱቅ ይገዛዋል። በጣም የታወቀው ምርት ጉይሊን በምትባለው የደቡብ ቻይና ከተማ ያለ ፋብሪካ የሚሠራው ነበር። አንድ እሽግ 12 ፍሬ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ፍሬ 50 ሚሊ ግራም ነው። የሚፈለግ ነው፣ ለድሃ ገበሬ ውድ ነው፣ ተቆጣጣሪው ሩቅ ነው። አስመሳዩ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ተመራማሪዎች በእነዚህ አገሮች ከሱቅ 104 «አርቴሱኔት» ገዝተው መረመሩ። ውጤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከ100ው 38ቱ ውስጥ አርቴሱኔት የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ 188 እሽግ ተገዝቶ ተመረመረ። አሁን ባዶው ከ100 ወደ 53 ከፍ ብሏል። በሁለቱ ጥናቶች መካከል ማስጠንቀቂያ ወጥቷል፣ ጋዜጦች ጽፈዋል፣ ሰዉም እሽጉን እያገላበጠ ማየት ጀምሯል። ሆኖም ነገሩ ባሰ እንጂ አልቀነሰም።

የባሰበትን ምክንያት ለማወቅ ሆሎግራሙን ማየት ይበቃል።

ፋብሪካው እሽጉ ላይ አንዲት የምታብረቀርቅ ትንሽ ተለጣፊ አደረገ። ተራራና ውኃ የሚታይበት የፋብሪካው ምልክት ነው። ስታዘነብሉት ቀለሙ ይለዋወጣል። በአጉሊ መነጽር ካላዩት የማይነበብ ደቃቅ ጽሑፍም ነበረበት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ተራ ማተሚያ ቤት ይህን ሊሠራ አይችልም።

መጀመሪያ የመጡት ፎርጅዶች ያስቁ ነበር። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ምልክቱን አትመው ለጥፈውታል። ብታዘነብሉት ያው ነው፣ አይለወጥም። ለጤና ሠራተኛ እውነተኛውንና ሐሰተኛውን ጎን ለጎን የሚያሳይ ሥዕል ቢሰጠው በቀላሉ ይለያቸዋል። ግን ያንን ሥዕል አስመሳዩም አየው። ቀጥሎ የመጣው እውነተኛ ሆሎግራም ነው፤ ማለትም በትክክል ሲያዘነብሉት ቀለሙ የሚለዋወጥ፣ ብቻ የሌላ ሰው ሥራ የሆነ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ተመራማሪዎቹ በመጨረሻ ከ10 በላይ የሐሰተኛ ሆሎግራም ዓይነት ለይተው ቆጥረዋል። የተሻሉትን እሽጉን በእጅ ይዞ፣ እውነተኛውን ከጎኑ አስቀምጦ፣ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ መለየት ከባድ ነበር።

እስቲ አሁን ይህንን ሆሎግራም የእህቴ ልጅ በስልኩ አንሥቶ ላከልኝ እንበል።

የመጀመሪያው ችግር ደቃቁ ጽሑፍ ነው። ፓኮው 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው ብለን እናስላው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ጨምቆ ረጅሙን ጎን ወደ 1,280 የምስል ነጥብ ገደማ ያወርደዋል። ፓኮው ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር ቢሞላው እንኳ ለአንድ ሚሊ ሜትር የሚደርሰው 10 ወይም 11 ነጥብ ነው። ቁመቱ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ፊደል ስለዚህ ሁለት ነጥብ ብቻ ያገኛል። በሁለት ነጥብ ፊደል አይጻፍም። የማየው ሰረዝ የመሰለ ብዥታ ነው። እውነተኛው ጽሑፍም፣ የተሳሳተው ጽሑፍም፣ ጽሑፍ ሳይሆን ዝም ብሎ የተሰመረ መስመርም በዚያ ፎቶ ላይ አንድ ናቸው። አስመሳዩ ሳይለፋ አለፈ ማለት ነው። ያበላሸው ደግሞ እሱ ሳይሆን የእኛው ቴሌግራም ነው።

«ጋሼ፣ በፋይል ልላክልህ፣ በደንብ ተጠግቼ ላንሣው?» አለኝ ልጁ። ጎበዝ ነው፤ ይህኛው ችግር በዚህ ይቃለላል። ሁለተኛው ግን አይቃለልም።

ሆሎግራም ማለት ከማዕዘን ማዕዘን የሚለዋወጥ ነገር ነው። ማስረጃነቱ መለዋወጡ ላይ ነው። ፎቶ ደግሞ አንድ ማዕዘን ይዞ ይደርቃል። የእውነተኛውን ሆሎግራም ፎቶ አንሥቼ፣ በጥሩ ማተሚያ አትሜ ፓኮ ላይ ብለጥፈውና አንተ መልሰህ ፎቶ ብታነሣው፣ እኔ ዘንድ የሚደርሰው የእውነተኛው ሆሎግራም ፎቶ ነው። ከዚያ ፎቶ ላይ አንድም ስሕተት ላገኝበት አልችልም፤ ምክንያቱም ሥዕሉ እውነተኛ ነው። ያልነበረው መለዋወጡ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያውም ፎቶ ውስጥ አይገባም። እያዘነበልክ ቪዲዮ ብትልክልኝ ይሻላል። ያም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን አስቂኝ ፎርጅዶች ይጥል ይሆናል እንጂ በኋላ የመጡትን አይጥልም።

ሦስተኛው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሰው ብዙ የሚበላው ግን በእሱ ነው። ፎቶው የየትኛው ፓኮ ነው? ሻጩ አንድ እውነተኛ ፓኮ ገዝቶ ቢያነሣ ለሺህ ደንበኛ ሊልከው ይችላል። ፎቶውን ማንም አልነካካውም፣ ማንም አላቀናበረውም፣ የሚያሳየውም እውነት ነው። ብቻ ለአንተ የሚደርስህ ፓኮ እሱ አይደለም። ወረቀት ላይ ስምህንና የዛሬውን ቀን ጽፎ ከፓኮው አጠገብ እንዲያነሣልህ ልትጠይቅ ትችላለህ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ አይከፋም። ይህ የሚነግርህ ሻጩ ዛሬ ያንን ፓኮ በእጁ መያዙን ነው። ውስጡ ያለውን አይነግርህም።

ውስጡ ያለው ነገር ደግሞ የታሪኩ ከባዱ ክፍል ነው።

በየካቲት 2005 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ምያንማር አንድ የ23 ዓመት ወጣት ትኩሳት ይዞት ወደ አካባቢው ሆስፒታል ሄደ። ወባ ነው ተባለ፤ ገና ያልተወሳሰበ፣ በጊዜ ከታከመ ሰው እምብዛም የማይሞትበት ዓይነት። የሚዋጥ አርቴሱኔት ተሰጠው። ሳይሻለው ቀረ። ወባው ወደ አንጎሉ ወጣ፣ ኩላሊቱ ደከመ፣ ሞተ። ሐኪሙ ነገሩ አልዋጥልህ አለው። በዚህ መድኃኒት የታከመ ሰው እንዲህ አይሆንም። ክኒኑ ተመረመረ። እሽጉ የጉይሊን ነው ይላል። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም መኖር ሲገባው የተገኘው 10 ነው። የተቀላቀለበት ደግሞ ፓራሲታሞል።

እዚህች ላይ ትንሽ ልቁም። ከአንድ እሽግ 12 ፍሬ ስትወስድ 600 ሚሊ ግራም አርቴሱኔት ማግኘት ነበረብህ። ከዚህ እሽግ የምታገኘው 120 ነው፤ አንድ አምስተኛ። አንድ አምስተኛ ያለበት ክኒንና ሙሉው ያለበት ክኒን ቢቀመጡ በቀለምም፣ በመጠንም፣ በመስመሩም አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። የክኒን አብዛኛው አካል ለማንኛውም መሙያ ዱቄት ነው። የጎደለውን 40 ሚሊ ግራም የሚያሳይ ካሜራ የለም። ሺህ ብር የሚያወጣ ስልክም ሆነ መቶ ሺህ ብር የሚያወጣው እዚህ ላይ እኩል ናቸው።

ፓራሲታሞሉስ ለምን ተጨመረ? አስመሳዩን ጠይቄው አላውቅም። ሥራው ግን ይታወቃል፤ ትኩሳት ያበርዳል። በሽተኛው ክኒኑን ይውጣል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ «ተሻለኝ» ይላል። ቤተሰቡም በዓይኑ አየ። የወባው ተሕዋሲ ግን ደሙ ውስጥ እየተራባ ነው። ስለዚህ እዚህ ፓኮው ብቻ ሳይሆን የታማሚው ፊት ሳይቀር ይዋሻል። እኔ ይህን ጉዳይ ካነበብኩ ወዲህ «ወስጄው ሠርቶልኛል፣ ስለዚህ ኦርጅናል ነው» የሚለኝን ሰው በቀላሉ አላምነውም።

10 ሚሊ ግራሟስ? ጨርሶ ባዶ ማድረግ አይቀልም ነበር? በወቅቱ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች ለገጠር የሚሆን ርካሽ ምርመራ አውጥተው ነበር። ከክኒኑ ትንሽ ፍቀህ ታሟሟለህ፣ ፋስት ሬድ የሚባል ቀለም ትጨምራለህ፤ አርቴሱኔት ካለ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። ከሌለ አይሆንም። ጥሩ ምርመራ ነው፤ ግን በዓይን የሚነበብ ነው። ጥቂት አርቴሱኔት ካለ ጥቂት ቢጫ ይመጣል። ቸኩሎ የሚያይ ሰው «ቢጫ ነው፣ አለው» ብሎ ያልፋል። ተመራማሪዎቹም ትንሿ መጠን ሆን ተብሎ ምርመራውን ለማለፍ የተጨመረች እንደምትሆን ገምተዋል። ይህች ትንሽ መጠን ሌላም ጣጣ አላት። ወባውን ሳትገድለው መድኃኒቱን ታለማምደዋለች። በኋላ እውነተኛውን ለሚወስድ ሰውም ይተርፋል።

እስካሁን ዓይንን ስኮንን ቆየሁ። አሁን ደግሞ ዓይን የሠራውን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ይህን ጉዳይ መጀመሪያ የከፈተው እሱ ነው።

በ2005 እ.ኤ.አ. ኢንተርፖል፣ የዓለም ጤና ድርጅትና በርካታ ላቦራቶሪዎች አብረው ምርመራ ጀመሩ። ስሙን ጁፒተር አሉት። ከክልሉ አገሮች 391 የአርቴሱኔት ናሙና ተሰበሰበ። መጀመሪያ የተደረገው ነገር ኬሚስትሪ አይደለም፤ እሽጎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በጥንቃቄ ማየት ነው። ይህ ፓኮ የያዘው ሆሎግራም ከዚያኛው ጋር አንድ ነው። ይህ የጽሑፍ ስሕተት እዚያም አለ። እንዲህ እያሉ በቤተሰብ በቤተሰብ ደለደሏቸው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የዓይን ማስረጃ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። «ይህ እውነተኛ ነው» ማለት አይችልም። «ይህና ይህ ከአንድ እጅ የወጡ ናቸው» ለማለት ግን በጣም ጎበዝ ነው። ሁለት ፓኮዎች አንድ ዓይነት ስሕተት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት አኳኋን ከተሸከሙ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አንዱ ካምቦዲያ፣ አንዱ ላኦስ ቢገኝም አንድ ማተሚያ አለ። ስሕተት ዘር ይቆጥራል። ትክክለኛነት ግን ዘር አይቆጥርም፤ ትክክለኛውን ሁሉም ይኮርጀዋል።

ሌላም ልብ በሉ። ዓይናቸው የሠራው እሽጉ በእጃቸው ስለነበረ፣ የታወቀ እውነተኛ ናሙና ከጎኑ ስለነበረ፣ ከእያንዳንዱ ፓኮም ክኒን አውጥተው ላቦራቶሪ ስለላኩ ነው። ዓይን ጥርጣሬ አቀረበ፣ ላቦራቶሪው ፈረደ። ከ391ዱ 195ቱ ሐሰተኛ ሆኑ፤ ግማሽ ገደማ። ከእነዚህ ውስጥ አርቴሱኔት ያላቸው እንኳ በአንድ ፍሬ ቢበዛ 12 ሚሊ ግራም ነበራቸው። ውስጣቸው የተገኘው ዝርዝር የሱቅ መደርደሪያ ይመስላል፦ ወባ የለመደው ክሎሮኪን፣ ፓራሲታሞል፣ ክሎራምፌኒኮልን የመሰለ አንቲባዮቲክ፣ በብዙ አገር የታገደው ሜታሚዞል። ሳፍሮልም ተገኘ። ይህ ኤክስታሲ የሚባለው አደንዛዥ ዕፅ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። መርማሪዎቹን ያነቃቸውም ይኸው ነው፤ ክኒኑን የጨመቀው ሰው ሌላም ሥራ ሳይኖረው አይቀርም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የአበባ ብናኙ ነው። በኒውዚላንድ ያሉ ባለሙያ ክኒኖቹን አሟሙተው በማይክሮስኮፕ አዩ። ክኒን በሚሠራበት ክፍል አየር ላይ የሚንሳፈፍ የአበባ ብናኝ ዱቄቱ ውስጥ ይገባል፣ ክኒኑም ተጨምቆ ሲወጣ አብሮ ይታሰራል። የብናኙ ዓይነት የአካባቢውን ዕፅዋት ይናገራል። የእነዚህ ክኒኖች ብናኝ ቢያንስ ከፊሎቹ ደቡብ ቻይና ውስጥ እንደተሠሩ ጠቆመ። አስመሳዩ ፊደሉን፣ ተራራውን፣ የሚለዋወጠውን ቀለም ሁሉ አስመስሏል። የግቢውን ዛፍ ግን ከክኒኑ ማውጣት አልቻለም። ያላሰበበት ነገር ነዋ። አስመሳይ የሚለፋው ሰው ያያል ብሎ ለሚያስበው ነገር ነው፤ ለፎቶ የሚመች ነገር ደግሞ መጀመሪያ የሚለፋበት ነው።

መረጃው ለቻይና መንግሥት ተሰጠ። ፖሊስ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩናን ግዛት አንድ ተጠርጣሪ ያዘ። 240,000 የሐሰተኛ አርቴሱኔት እሽግ ነግዷል ተባለ። ከዚያ ውስጥ የተያዘው አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ ነው። ቀሪውን ሰው ሳይውጠው አልቀረም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ በስልክ ሳወራለት ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ ታዲያ የእኔን ፎቶ ለምንም አትፈልገውም?» አለኝ። እፈልገዋለሁ እንጂ። ቁጭ ብዬ አጎላሁት።

የማየው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል እቆጥራለሁ፤ ፎርጅድ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ፊደል ላይ ነው። ቀጥሎ የተመረተበትንና የሚያልፍበትን ቀን እመለከታለሁ። ሁለቱ መካከል ያለው ዕድሜ ለዚያ መድኃኒት ከተለመደው ጋር ካልሄደ እጠረጥራለሁ። የባች ቁጥሩ፣ ማለትም በአንድ ዙር አብሮ የተመረተው ሁሉ የሚይዘው ቁጥር፣ ፓኮው ላይና ውስጡ ባለው እሽግ ላይ አንድ መሆን አለበት። ልጁ የውስጡን አላነሣውም ነበር፤ አንሥቶ ላከው። አንድ ነው። ፊደሉም ደህና ነው። ቀኑም ደህና ነው። የማኅተሙ ቀለም ግን እኔ ከማውቀው ትንሽ የደበዘዘ መሰለኝ።

የቀለሙን ነገር ምንም አላደረግኩበትም። መብራቱ የቢጫ አምፖል ነበር፤ ስልኩም ቀለሙን በራሱ ያስተካክላል። ደግሞ ፋብሪካ ፓኮውን ይቀይራል፣ ለአንድ አገር የሚያትመው ለሌላው ከሚያትመው ይለያል። እኔ የማውቀውን አለመምሰሉ ብቻውን ፎርጅድ አያሰኘውም። በእንደዚህ ዓይነት ነገር ደህና መድኃኒት ያስጣልኩበት ቀን አለ፤ አሁንም ሲቆጨኝ ይኖራል።

ስለዚህ ከፎቶው ያገኘሁት ጥፋት አለመኖሩ ነው። ያ ደግሞ ኦርጅናልነት አይደለም። ከፎቶው የወሰድኩት አንድ ጠቃሚ ነገር ግን ነበር፤ የባች ቁጥሩ። ቁጥር ከፎቶ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሊጠየቅ ይችላል። አስመጪው ይህን ባች አስገብቷል ወይ? ፋብሪካው ይህን ቁጥር ከዚህ ቀን ጋር አውጥቶ ያውቃል ወይ? ፋብሪካው «የለም» ካለ ጉዳዩ አለቀ፤ ፎርጅድ ነው። «አለ» ከተባለ ግን አሁንም አላለቀም፤ እውነተኛ ቁጥር ከእውነተኛ ፓኮ መገልበጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ያኔ የሚቀረው ጥያቄ መድኃኒቱ ከአስመጪው ተነሥቶ በማን በማን እጅ አልፎ ልጁ ጋ ደረሰ የሚለው ነው። የእኛው ልጅ መልስ ያጣለትም ጥያቄ ይኸው ነው። ወዳጁ ከአንድ ሰው ገዛው፣ ያ ሰው ከአንድ ሰው ገዛው።

«አትውሰደው» አልኩት። «ፎርጅድ ነው ማለትህ ነው?» አለኝ። «አላልኩም። አላውቅም እያልኩህ ነው። ባለሙያው በማያውቀው መድኃኒት ቆላ አይወረድም። እሱን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስጥና ከፋርማሲ በደረሰኝ ግዛ» አልኩት። አጉረመረመ። ርካሹ ያሳሳል።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ፎቶ ነው። አዲስ ፓኮ፣ ከጎኑ የፋርማሲ ደረሰኝ፣ ከሥሩ «ጋሼ፣ አሁንስ?» የሚል ጽሑፍ። ሳቄ መጣ። ደረሰኙ ላይ የፋርማሲው ስልክ ነበረ። ደወልኩ፣ የሸጠችውን ልጅ አገናኙኝ፣ የባች ቁጥሩን አነበብኩላት። «አዎ፣ ባለፈው ሳምንት ከገባልን ነው። የገባበትን ሰነድ ላንብብልህ?» አለችኝ። «አንብቢልኝ» አልኳት።